የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያን እስከ ቀጣሪው በር ድረስ መከታተል

አብዛኛው የሥራ ቻናል ቀጣሪ አይደለም። ከጋዜጣ፣ ከድርጅቶች ገጽና ከሌላ ቻናል እየቀዳ የሚለጥፍ ነው። አድሚኑ የእያንዳንዱን ማስታወቂያ ባለቤት ደውሎ የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም፤ ገቢውም የሚመጣው ማስታወቂያ ከሚያስነግሩት እንጂ ከሥራ ፈላጊው ስላልሆነ የሚያስገድደው ነገርም የለም። ስለዚህ ቻናሉ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እዚያ ሥራ ሊኖር ይችላል»። እውነት መሆን አለመሆኑን የምናውቀው ማስታወቂያው ራሱ ባልሰጠን መንገድ ቀጣሪው ጋ ስንደርስ ነው። ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» ማለት ማረጋገጥ አይባልም፤ አጭበርባሪውም «አዎ» ነው የሚለው።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በቴሌግራም ሥራ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ ስልካችሁን አዘጋጁ

የሥራ ቻናልና ግሩፕ ውስጥ ስትገቡ እናንተም ለማያውቋችሁ ሰዎች ትታያላችሁ። ግሩፕ ውስጥ የአባላቱ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ «ቤት ሆነው በቀን ይህን ያህል ብር» የሚሉ ሰዎችም ኢላማቸውን የሚለቅሙት ከዚያ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከመቀላቀላችሁ በፊት `Settings` ከዚያ `Privacy and Security` ግቡና `Phone Number` የሚለውን `Nobody` አድርጉ። `Invites` የሚለውን ደግሞ `My Contacts` አድርጉት፤ በቆዩ ስሪቶች ላይ ስሙ `Groups & Channels` ነው። ይህን ካደረጋችሁ የማታውቁት ሰው ሳትጠየቁ ግሩፕ ውስጥ ሊከታችሁ አይችልም። እዚያው ገጽ ላይ `Two-Step Verification` አለ፤ የይለፍ ቃል አስገብታችሁ ክፈቱት። ለምን እንደሚያስፈልግ ወደታች ይመጣል።

ቀጥሎ `Chat Folders` ውስጥ «ሥራ» የሚል ፎልደር ክፈቱና ቻናሎቹን እዚያ ሰብስቡ። አርባ ቻናል መከተል አይጠቅምም፤ አንዱ የለጠፈውን ሌላው ስለሚደግመው ያው ማስታወቂያ ሠላሳ ጊዜ ያልፋችኋል፣ እናንተም ማንበብ ታቆማላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሰፊ የሥራ ቻናል ይበቃል፤ ኢትዮጆብስ፣ ሐሁ ጆብስና አፍሪወርክ ከቴሌግራሙ ሌላ የራሳቸው መድረክ ስላላቸው ለመነሻ ይመቻሉ። የቀረውን ቦታ ልትቀጠሩባቸው ለምትፈልጓቸው ድርጅቶች የራሳቸው ቻናል ስጡት፤ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። የድርጅቱን ቻናል በቴሌግራም ፍለጋ አታግኙት። መጀመሪያ ድረ ገጹን ክፈቱና እዚያ ላይ ያለውን የቴሌግራም ምልክት ነክታችሁ ግቡ። በፍለጋ የሚመጣው ስምና አርማ ማንም ሊለጥፈው የሚችል ነው።

ፍለጋው ላይ የሚያመልጠው

ቴሌግራም ፊደሉን እንደተጻፈ ነው የሚፈልገው። «ስራ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሥራ» ተብሎ የተጻፈውን አያመጣላችሁም። «ጸሐፊ»፣ «ፀሐፊ»፣ «ጸሀፊ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለፍለጋው ግን ሦስት ናቸው። በዚያ ላይ አማርኛ ቃሉን ከፊት ይቀጥላል፦ «ሒሳብ» ብሎ መፈለግ «የሒሳብ ሠራተኛ» የሚለውን ሊያሳልፈው ይችላል፣ ምክንያቱም ቃሉ የሚጀምረው በ«የ» ነው። ለአንድ ሙያ ቢያንስ አምስት ስድስት አጻጻፍ ጻፉና `Saved Messages` ውስጥ አስቀምጡ፤ ለሒሳብ ሠራተኛ «ሒሳብ»፣ «ሂሳብ»፣ «የሒሳብ»፣ «የሂሳብ»፣ «አካውንታንት» እና በእንግሊዝኛ `Accountant`። በየቀኑ ከዚያ እየቀዳችሁ መለጠፍ ነው።

ሌላው የሚያመልጠው ፎቶ ነው። ከጋዜጣ ተቆርጦ የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ያለው ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። ቻናሉን ስሙን ነክታችሁ ክፈቱና `Media` የሚለውን ተጭናችሁ ፎቶዎቹን በዓይን ቃኙ። ብዙ ሰው ይህን ስለማያደርግ የጋዜጣ ማስታወቂያዎች አመልካች የሚቀንስባቸው ጊዜ አለ፤ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

በፎቶ የመጣ ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የምታዩት የጋዜጣውን ቀን ነው። የአማርኛው ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ይወጣል፤ አዲስ ዘመን በየቀኑ ነው። ቀኑ ከፎቶው ላይ ተቆርጦ ከሆነ አንዳንዴ ያረጀ ማስታወቂያ ነው። ቀኑ ካለ ደግሞ መቁጠር ያለባችሁ ከዚያ ቀን እንጂ ቻናሉ ከለጠፈበት ቀን አይደለም። እንበልና ማስታወቂያው እሑድ ወጥቶ «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ቻናሉ ሐሙስ ለጠፈው። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ቅዳሜን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም። ቅዳሜን የምትቆጥሩት ከሆነ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን ነው፣ ሰባተኛው የሚቀጥለው ሰኞ ይሆናል። ስለዚህ ሐሙስን ጨምሮ አራት ቀን ነው የቀራችሁ። «የሥራ» የሚለው ቃል ከሌለና «7 ተከታታይ ቀናት» ብቻ ካለ ደግሞ እሑዱም ይቆጠራል፤ ያኔ ቀነ ገደቡ ቅዳሜ ያልቃል፣ ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ከሆነ ደግሞ በተግባር ዓርብ ነው።

ማስታወቂያው ከየት መጣ?

አሁን አንድ ማስታወቂያ አግኝታችኋል። ከላዩ ላይ `Forwarded from` የሚል ካለ ስሙን ንኩት፤ ወደመጀመሪያው ለጣፊ ይወስዳችኋል። እዚያ ስትደርሱ የምታዩት ቻናል የቀጣሪው ነው ወይስ ሌላ ቀጂ? ተቀድቶ የተለጠፈ ከሆነና ምልክቱ ከሌለ ከማስታወቂያው አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ ጎግል ላይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ፈልጉት። ያው ጽሑፍ በሌላ ድርጅት ስም፣ በሌላ ዓመት ብቅ ካለ ጨርሳችኋል፤ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልገውም።

ቻናሉን ራሱንም መዝኑት። የተከታይ ቁጥር ይገዛል፣ ዕይታ ግን ከፖስቱ በታች በዓይን ምልክት ይታያል። ሰማንያ ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል እያንዳንዱ ፖስት ሁለት መቶ ሰው ብቻ ካየው ሰዎቹ የሉም ማለት ነው። ከዚያ ወደላይ እስከ መጀመሪያዎቹ ፖስቶች ውጡ። ትናንት የፊልም ወይም የኳስ ውርርድ ቻናል የነበረ ስሙን ቀይሮ «የሥራ ማስታወቂያ» የሆነ ብዙ አለ፤ የስም ለውጡ በመሃል በትንሽ ጽሑፍ ተመዝግቦ ይቀራል፣ አድሚኑ ካላጠፋው በቀር። ፖስቱ ሥር `edited` የሚል ካለ ደግሞ ከተለጠፈ በኋላ የተቀየረ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የፊደል ስሕተት ነው፤ ስልክ ቁጥሩም ሊሆን ይችላል።

የሚያታልል አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴሌግራም ላይ የሚታየው ስም የማንም ሊሆን ይችላል፣ ልዩ የሚሆነው በ`@` የሚጀምረው ዩዘርኔም ነው። ዩዘርኔም ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ስለዚህ ትንሹን `l` በትልቁ `I` ቢተኩት በዓይን አንድ ይመስላል። ዩዘርኔሙን ገልብጣችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉና ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሩት፤ `I` የነበረው `i` ሆኖ ይገለጣል።

ማስታወቂያው በሊንክ ተመዝገቡ ካለ አድራሻውን አንብቡ፣ ከመንካታችሁ በፊት። የሚታየው ከ`https://` በኋላ ያለው እስከ መጀመሪያው `/` ድረስ ነው፣ የሚነበበውም ከኋላ ወደፊት ነው።

```
https://vacancy.cbe.com.et/
https://cbe.com.et.job-form.example/
```

የመጀመሪያው የሚያልቀው `cbe.com.et` ብሎ ነው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ሁለተኛው ለምሳሌ የተጻፈ ነው፤ ባንኩን ከፊት አስመስሎ የሚያልቀው በ`job-form.example` ነው፣ ባለቤቱም ያ ነው። ጎግል ፎርም በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ ትክክለኛ ድርጅቶችም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ፎርሙን ማንም በአሥር ደቂቃ ስለሚሠራው ስለ ባለቤቱ ምንም አይነግራችሁም። የፎርሙ ሊንክ የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ከተገኘ ሙሉት፤ ቻናል ላይ ብቻ ካለ አትሙሉት።

ድርጅቱ አለ ወይ? አለስ ብለን፣ ማስታወቂያው የእሱ ነው ወይ?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ብቻ መልሶ ያርፋል። በምሳሌ እንሂድ።

አንድ ግሩፕ ውስጥ እንዲህ የሚል ተለጠፈ እንበል፦ «አስቸኳይ! አስመጪና ላኪ ድርጅት። ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ብዛት 12፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ ደመወዝ 25,000 የተጣራ፣ የሥራ ቦታ ቦሌ። ሲቪና የዲግሪ ኮፒ በቴሌግራም ይላኩ። ቦታው ሳይሞላ ይፍጠኑ።» ከሥሩ የድርጅቱ ስምና አንድ ዩዘርኔም አለ። ስልክ የለም።

ከማንም ጋር ሳትነጋገሩ የሚታይ ነገር አለ። አንድ አስመጪ አሥራ ሁለት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ በአንዴ ምን ያደርግለታል? ይህን ያህል የሚቀጥረው ባንክ ነው። ቀነ ገደብ የለውም፤ «ሳይሞላ» ማለት ቀነ ገደብ አይደለም። ግን ይህ ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ ስላልሆነ ወደሚቀጥለው እንለፍ። ለዩዘርኔሙ ይህን ትጽፋላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አይቼ ነው። ማመልከት እፈልጋለሁ። የድርጅቱን ሙሉ የንግድ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የቢሮውን ሕንፃና ፎቅ እንዲሁም የመስመር ስልክ ቢልኩልኝ ማመልከቻዬን በአካል አመጣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ይህ መልእክት ጨዋ ነው፣ ማንንም አይከስም። እውነተኛ የሰው ሀብት ሠራተኛ በሁለት መስመር ይመልሰዋል። አጭበርባሪው ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ዝም ይላል፣ ወይም «ካልፈለግሽ ተይው፣ ብዙ አመልካች አለ» ይላል፣ ወይም ደግሞ የንግድ ፈቃድ ፎቶ ይልካል። ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። ፎቶው ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ሰው ያምናል።

በምሳሌያችን ፎቶው መጣ። ፎቶውን ተውትና ላዩ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ውሰዱ፤ 10 አኃዝ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን አገልግሎት `etrade.gov.et` ላይ የንግድ ፈቃድ ማጣሪያ አለ። ቁጥሩን ስታስገቡ የተመዘገበውን የንግድ ስም፣ የንግድ ዘርፉንና የፈቃዱን ሁኔታ ታያላችሁ። ስሙ ከማስታወቂያው ጋር አንድ ነው? ዘርፉ ይገጥማል? ፈቃዱ ታድሷል? እንበል ሦስቱም ገጠሙ፣ ድርጅቱ በእርግጥ አስመጪ ነው።

እዚህ ላይ የሚቆም ሰው ነው የሚበላው። የተገኘው ነገር ድርጅቱ መኖሩ ብቻ ነው። የንግድ ፈቃድ ፎቶ በጨረታ ሰነድ፣ በኪራይ ውል፣ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ማንም ያነሳዋል። ቴሌግራም ላይ ያለው ሰው የዚያ ድርጅት ሰው መሆኑ አልታወቀም። ስለዚህ የድርጅቱን ስልክ ከሌላ ቦታ ፈልጉ፦ ከድረ ገጹ፣ ከጎግል ካርታ፣ ከምርቱ ማሸጊያ፣ ከሕንፃው ታፔላ። በ011 የሚጀምር የአዲስ አበባ መስመር ስልክ ከተገኘ ከሞባይል ይሻላል። ደውላችሁ እንዲህ በሉ፦

«እንደምን ዋሉ። የሰው ሀብት ክፍልን ፈልጌ ነበር። በድርጅታችሁ ስም የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አይቼ፣ እናንተ ያወጣችሁት መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።»

«ሰው ትቀጥራላችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ ላታውቅ ትችላለች፣ «እንጃ፣ ይላኩ» ትላለች። ማስታወቂያው የእነሱ መሆኑን ነው መጠየቅ ያለባችሁ፣ የመደቡን ስም ጠርታችሁ። በዚህ ምሳሌ መልሱ «እኛ ምንም አላወጣንም» ቢሆን ፈቃዱም፣ ስሙም፣ ማኅተሙም እውነተኛ ሆነው ሥራው ውሸት ነበር ማለት ነው። ከጠቅላላው ሂደት ይህ ስልክ ጥሪ ነው ዋናው፤ ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉ፣ ይህን ግን አትዝለሉ።

መስመር ስልኩ ካልሠራ በአካል ሂዱ፣ በሥራ ሰዓት። ወደ ፎቁ ከመውጣታችሁ በፊት ሕንፃው በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ እዚህ የእገሌ ድርጅት ቢሮ የትኛው ፎቅ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ጥበቃ የሚያውቀውን ያህል የትኛውም ድረ ገጽ አያውቅም። «እነሱ ገና በዚህ ሳምንት ነው የገቡት፣ በየቀኑ ወጣት ይሰበሰባል» ካለ፣ ወደላይ ስትወጡ የምታገኙት ቃለ መጠይቅ ሳይሆን አዳራሽ ሙሉ ወንበርና ፕሮጀክተር ሊሆን ይችላል። ያ የኔትወርክ ማርኬቲንግ ስብሰባ ነው፤ ማስታወቂያው «ማንኛውም የትምህርት መስክ፣ 0 ዓመት» ብሎ ሥራውን ሳይገልጽ የቀረው ለዚህ ነው።

ድረ ገጽም የንግድ ፈቃድ ፎቶም የሌላቸው

ሁሉም በዚህ ወንፊት አያልፍም፣ ማለፍም የለበትም። የሰፈር ግሩፕ ላይ «ለካፌያችን ባሬስታ እንፈልጋለን፣ ከኮንዶሚኒየሙ በር ፊት ለፊት» የሚል ማስታወቂያ ድረ ገጽ የለውም፣ መደበኛ ፊደልም ላይኖረው ይችላል። ግን እውነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ምክንያቱም ቦታውን ነግሯችኋል። ካፌው ድረስ ሂዱ፣ ሻይ አዙ፣ የምታስተናግዳችሁን ልጅ «ሰው ትፈልጋላችሁ አሉ፣ ባለቤቱን መቼ ነው የማገኘው?» በሏት። ደመወዝ በወቅቱ ይከፈል አይከፈል የምታውቀውም እሷ ናት።

በዕድር፣ በማኅበር ወይም በአብሮ አደጎች ግሩፕ ላይ የሚመጣው ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ማስታወቂያውን የለጠፈው የምታውቁት ሰው ስለሆነ ትተማመናላችሁ። አካውንቱ ግን ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ጽሑፍ አትላኩለት፣ በስልክ ደውሉለትና ድምፁን ስሙ፦ «ጋሼ፣ ያስቀመጡትን የሥራ ነገር አይቼ ነው፣ ድርጅቱን በአካል ያውቁታል ወይስ ደርሶዎት ነው ያስተላለፉት?» ከአሥሩ ብዙው «ደርሶኝ ነው» ይላል። ያኔ ከዜሮ ማጣራት ትጀምራላችሁ።

የማታውቁት ሰው ራሱ ቀድሞ ከጻፈላችሁ አዲሱ ቴሌግራም በውይይት ገጹ አናት ላይ የስልኩን አገር፣ የተመዘገበበትን ወርና የጋራ ግሩፖቻችሁን ያሳያል። የአዲስ አበባ ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ እያለ የውጭ አገር ቁጥር ይዞ ባለፈው ወር የተከፈተ አካውንት ከሆነ ንግግሩ እዚያ ያበቃል።

ገንዘብ፣ ሰነድና ኮድ

የመመዝገቢያ፣ የፎርም፣ የሥልጠና፣ የዩኒፎርም፣ የመታወቂያ ባጅ ተብሎ በቴሌብር ወይም በግለሰብ የባንክ ሒሳብ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ እንዳይወስዱ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ገንዘብ እንደማይጠይቅ በማስታወቂያዎቹ ላይ ይጽፋል። መጠኑ ትንሽ መሆኑ አያታልላችሁ። ሦስት መቶ ብር የሚጠይቁት ሰው ለሦስት መቶ ብር ፖሊስ ጣቢያ ስለማይሄድ ነው።

ከዚህ ጋር የማይምታታ እውነተኛ ወጪ አለ። ቅጥሩ ካለቀ በኋላ የጤና ምርመራና የአሻራ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱን ራሳችሁ ሄዳችሁ ለጤና ተቋሙና ለፖሊስ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝም ትቀበላላችሁ። ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ክፍልና ለሹፌር ተያዥ መጠየቁም የተለመደ ነው። ተያዥ ግን ፈርሞ የሚዋስ ሰው ነው። «ተያዥ ከሌለህ አምስት ሺህ ብር አስይዝ» የሚለው ሌላ ነገር ነው።

«የመጀመሪያው ወር ሥልጠና ስለሆነ ደመወዝ የለውም» የሚለውም ይመረመር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሙከራውን እንደጨረሰው ሁሉ መብት አለው፤ ደመወዙም ይከፈለዋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል።

የዲግሪ ዋናውን ለማሳየት ይዛችሁ ሂዱ፣ አሳይታችሁ ተመለሱ፤ ጥላችሁ አትምጡ። የምትሰጡት ኮፒ ላይ በብዕር በአግድም «ለእገሌ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፣ ጽሑፉ ከፎቶውና ከስሙ በላይ እንዲያልፍ። ቴሌግራም ላይ የሚላከውም እንዲሁ ተደርጎ ስካን ይደረግ። የፋይዳ ቁጥርና የመታወቂያ ኮፒ ለማመልከቻ ደረጃ አያስፈልግም፤ ሲቪ፣ የትምህርትና የልምድ ማስረጃ ይበቃል።

ኮድ ግን ለማንም፣ በምንም ምክንያት አትስጡ። «የምዝገባ ቁጥር ልከንልሃል፣ ንገረን» የሚሉት የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነው። አምስት አኃዝ ያላት ያቺ ቁጥር ስትሄድ አካውንቱ ይሄዳል፣ ነገ ደግሞ በእናንተ ስም ለወዳጆቻችሁ «ሥራ አለ» ተብሎ ይጻፋል። `Two-Step Verification` የተከፈተ ከሆነ ኮዱ ብቻውን አያስገባም፤ መጀመሪያ ላይ ክፈቱ ያልነው ለዚህ ነው።

የውጭ አገር ከሆነ

ለውጭ አገር ሥራ ቻናል ላይ ባለ ሰው አትጀምሩ። ኤጀንሲው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሚኒስቴሩ ጠይቁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትንና የሥራ ፈቃድ ክፍያን በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ በሠራተኛው ላይ የሚቀረው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለው ነው። «የቪዛ ላክ» የሚል መልእክት ከመጣ ከሕጉ ጋር ይጋጫል። በጎብኚ ቪዛ ግባና እዚያ ይስተካከላል ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ይብሳል። «ታይላንድ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት፣ ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ የሚችል» በሚል ተስበው ድንበር ተሻግረው ማያንማር ውስጥ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ውስጥ የተዘጋባቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከማያዋዲ አካባቢ ከወጡት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩት የእኛው ልጆች ናቸው።

ከላካችሁ በኋላ ከነቃችሁ

በመጀመሪያ አትሳደቡ፣ «ሌባ» ብላችሁም አትጻፉ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ውይይቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ መነቃቱን ሲያውቅ የመጀመሪያ ሥራው ያ ነው። ዝም ብላችሁ ሁሉንም ስክሪንሹት አድርጉ፦ ማስታወቂያውን፣ የቻናሉን ሊንክ፣ ፕሮፋይሉን ከነዩዘርኔሙ፣ የላከላችሁን የሒሳብ ቁጥርና ስም፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ከነማጣቀሻ ቁጥሩ።

ኮድ ሰጥታችሁ ከሆነ `Settings` ውስጥ `Devices` ክፈቱና `Terminate All Other Sessions` ተጫኑ፣ በዚያው ደቂቃ። አዲስ የገባ ስልክ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን ማስወጣት አይችልም፤ ያ ቀን የእናንተ ነው፣ ካለፈ በኋላ ግን እሱ እናንተን ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ገንዘብ ልካችሁ ከሆነ ወዲያው ወደ ባንካችሁ ወይም ወደ ቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት ደውሉ፤ ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127 ነው። ገንዘቡ ካልወጣ የማገድ ዕድል ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከዚያ ስክሪንሹቶቹን አትማችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ዩዘርኔም በአንድ ደቂቃ ስለሚቀየር ለፖሊሱ ከሁሉ የሚጠቅመው ገንዘቡ የገባበት የሒሳብ ቁጥር ነው፤ እሱ በሰው ስም የተከፈተ ነው። እሱን ከሰጣችሁ በኋላ ቻናሉን `Report` አድርጉና ማስታወቂያውን ያያችሁበት ግሩፕ አድሚን ጋ በስልክ ደውላችሁ እንዲያነሳው ንገሩት።